ወጥ ውስጥ የገባ ወይን ስንቱ ይተናል? ለማብሰያ ወይን መምረጥና ያለ ወይን መሥራት

ባለፈው የኢድ ማግስት ጎረቤታችን ሐጂ ቤታችን መጡ። ሥጋ አልሠራሁም። ጅማ የኖረ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። የእኛን ዕርድ እሳቸው አይበሉም፣ የእሳቸውን እኛ አንበላም። ዓሣ ላይ ግን ሁላችንም እንገናኛለን። ስለዚህ ዓሣ ጉላሽ ሠራሁ። እጄ ለምዶብኝ ደግሞ ከግማሽ ብርጭቆ ትንሽ የሚበልጥ ነጭ ወይን ጠብ አደረግሁበት።

ሐጂ ሽታው ሲደርሳቸው «ልጄ፣ ደስ ይላል፤ ምን ጨመርሽበት?» አሉኝ። መዋሸት አልፈለግሁም። «ትንሽ ወይን ነበረው ሐጂ፤ ግን እሳት ስላየ ተንኗል» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። «ተንኖ የት ሄደ?» ብለው እንጀራውን ከሰላጣው ጋር ብቻ በሉ። አልተቆጡም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አጣርቼ አነበብኩ፣ ድስትም ደጋግሜ ጣድኩ። «እሳት ካየ ያልቃል» የሚባለው ልክ አይደለም። እኔ ራሴ ለስንት ሰው እንዲህ እያልኩ እንዳበላሁ ሳስበው ያሳፍረኛል። ወይን የገባበት ምግብ ከመሥራታችሁ በፊት የሚከተለውን እወቁ።

አልኮሉ ለምን ቶሎ አያልቅም?

ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው። አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል። ውሃ ደግሞ በ100 ነው፤ ጅማ ከፍታው 1,700 ሜትር ስለሚያልፍ እዚህ 94 አካባቢ። ስለዚህ ድስቱ ሲፈላ አልኮሉ ቀድሞ ጥርግ ብሎ ይወጣል፣ ውሃው ይቀራል። ሲሰሙት ያሳምናል። ግን አልኮልና ውሃ አንዴ ከተቀላቀሉ ለየብቻቸው አይፈሉም። አብረው ይፈላሉ፣ እንፋሎቱም የሁለቱ ድብልቅ ነው። እንፋሎቱ ውስጥ የአልኮሉ ድርሻ ከድስቱ ይበልጣል እንጂ አልኮል ብቻ አይደለም።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት አረቄ የሚያወጡ እናቶች ናቸው። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ኃይለኛ ነው። እየቆየ ሲሄድ ይቀጥናል። መጨረሻ ላይ ውሃ ውሃ ይላል። አልኮል በ78 ዲግሪ ተነጥሎ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ አንዴ ማውጣት ይበቃ ነበር። ዳግም አረቄ የሚባል ነገርም ባልኖረ። ያንኑ እንደገና ማውጣት ያስፈለገው ውሃው አብሮ ስለወጣ ነው።

ወጥም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ወጥ ስንሠራ እንፋሎቱ እንዳይባክን መክደናችን ነው። ክዳኑ ላይ የነካው እንፋሎት ጠብታ ሆኖ ተመልሶ ድስት ውስጥ ይገባል። በጥብቅ የተከደነ ድስት አልኮሉን ይዞ ያስቀራል ማለት ነው።

ስንት ይቀራል?

በ1992 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ወይንና ሌሎች መጠጦች የገቡባቸውን ምግቦች አብስሎ የቀረውን አልኮል ለካ። እንደ አሠራሩ ከ4 እስከ 85 በመቶ የሚሆነው ቀርቶ ተገኘ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሰንጠረዥ አውጥቷል። ለወጥ ቤት የሚጠቅሙትን ቁጥሮች ብቻ ላስቀምጥ፦

- የሚፈላ ምግብ ላይ ተጨምሮ ወዲያው ከእሳት ከወረደ፦ 85 በመቶ ይቀራል
- ላዩ ላይ እሳት ተለኩሶበት ከነደደ፦ 75 በመቶ
- ከምግቡ ጋር ተማስሎ 15 ደቂቃ ከበሰለ፦ 40 በመቶ
- 30 ደቂቃ፦ 35 በመቶ
- 1 ሰዓት፦ 25 በመቶ
- 1 ሰዓት ተኩል፦ 20 በመቶ
- 2 ሰዓት፦ 10 በመቶ
- 2 ሰዓት ተኩል፦ 5 በመቶ

ሁለተኛዋ መስመር ብዙ ሰው ያስገርማል። ሆቴል ውስጥ መጥበሻው ላይ እሳት ሲቦግ አይታችሁ ከሆነ «በቃ ተቃጠለ» ብላችሁ ይሆናል። እሳቱ የሚጠፋው ግን አልኮሉ ስላለቀ አይደለም። እንፋሎቱ ለመንደድ የሚበቃ አልኮል ስላጣ ነው። ሦስት አራተኛው እዚያው መጥበሻው ውስጥ ነው።

ከ15 ደቂቃ እስከ 30 ደቂቃ ያለውንም ልብ በሉ። ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ወዲህ 5 በመቶ ብቻ ነው የቀነሰው። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይወጣል፤ ከዚያ እንደ አረቄው ጭራ ያዘግማል።

አሁን ወደ ሐጂ ሳህን ልመለስ። ያስገባሁት 150 ሚሊ ሊትር ነበር። ጠርሙሱ 12 በመቶ ይላል። ያ ማለት 18 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው። ዓሣ ብዙ አይበስልም፤ እኔ ያኖርኩት 10 ደቂቃ ነው፣ ያውም ተከድኖ። በሰንጠረዡ ብንሄድ እንኳ ከ40 በመቶ በላይ፣ ማለትም ከ7 ሚሊ ሊትር በላይ ቀርቷል። ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 1.8 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። አንድ ጠርሙስ ቢራ፣ 330 ሚሊ ሊትር በ5 በመቶ፣ 16.5 ሚሊ ሊትር አልኮል አለው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ቢያንስ የአንድ ቢራ አንድ ዘጠነኛ ያህል በልተናል። አያሰክርም። ግን «ተንኗል» አያስብልም። ሐጂ ልክ ነበሩ።

ሰዓቱን ሳይሆን የመረቁን መጉደል እዩ

ሰንጠረዡ ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ስለ ድስታችሁ አያውቅም። አልኮሉ የሚወጣው እንፋሎት ሲወጣ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ደቂቃ ተጣደ ሳይሆን ምን ያህል ፈሳሽ ከድስቱ ወጣ የሚለው ነው።

ሰፊ መጥበሻ ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ያስወጣል። ጠባብና ረጅም ድስት ያዘገያል። የተከደነ ይይዛል። ፕሬዠር ኩከር ከሁሉም የባሰ ነው፤ እንፋሎቱ ታፍኖ ነው የሚቆየው፣ ሥጋውም በግማሽ ሰዓት ስለሚበስል ጊዜ የለውም። ወይን የምታስገቡበት ነገር በፕሬዠር የሚበስል ከሆነ ወይኑን አስቀድማችሁ ለብቻው አፍሉት።

ለብቻ ማፍላት ስል እንዲህ ነው። 250 ሚሊ ሊትር ወይን ሰፊ መጥበሻ ላይ አፍስሱ፣ አትክደኑ፣ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይፍላ። በጋዝ ምድጃ የምትሠሩ ከሆነ ነበልባሉ በመጥበሻው ጎን ወደ ላይ እንዳይወጣ ዝቅ አድርጉት፤ የመጀመሪያው እንፋሎት ሊነድ ይችላል። አሥር ደቂቃ አካባቢ ቆይቶ አንድ ሦስተኛው ሲቀር፣ ወደ 80 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ አውርዱ። አረፋው ትልልቅ ይሆናል፣ ማንኪያ ሲነከር ስስ ሽፋን ይይዛል። ሁለት ሦስተኛው በእንፋሎት ስለወጣ አብዛኛው አልኮል አብሮ ሄዷል። ተከድኖ ሁለት ሰዓት ከተንተከተከ ወጥ ይልቅ ይሄ ይሻላል። ዜሮ ሆነ ብዬ ግን አልፈርምም።

ሽታ አያታላችሁ። ፊታችሁን ወደ ድስቱ ስታስጠጉ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ከሆነ ገና ብዙ አልኮል አለ ማለት ነው። ያ እርግጥ ነው። መቆንጠጡ መጥፋቱ ግን አለመኖሩን አያሳይም። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይሸፍኑታል። እኔም የተታለልኩት በዚሁ ነው።

መጀመሪያ የሚበላውን ሰው ጠይቁ

ጠርሙስ ከመምረጥ በፊት የሚመጣው ይሄ ነው። ሙስሊም እንግዳ ካለ፣ ፕሮቴስታንት ሆኖ መጠጥ የማይነካ ካለ፣ ነፍሰ ጡር ካለች፣ ሕፃን ካለ፣ መጠጥ ለማቆም የሚታገል ሰው ካለ፣ ወይም ሐኪም «በዚህ መድኃኒት ላይ አልኮል እንዳትቀምስ» ያለው ሰው ካለ፣ ስሌት ውስጥ አትግቡ። ያለ ወይን ሥሩ። «አምስት በመቶ ብቻ ነው የቀረው» የሚለውን ለነሱ መወሰን የእናንተ ሥራ አይደለም። መጠጥ ላቆመ ሰው ደግሞ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ሽታውም ፈተና ነው።

ወይን የሚጠጡ አዋቂዎች ብቻ ከሆኑ ደግሞ በረጅሙ የተንተከተከ ወጥ ውስጥ የሚቀረው ኢምንት ነው፤ ተረጋጉ።

ጠርሙሱን መምረጥ

ወይን ሲተን ምን እንደሚቀር አስቡ። ውሃውና አልኮሉ ይቀንሳሉ። ኮምጣጣነቱ፣ ስኳሩና ምላስ የሚያጣብቀው ነገር (ጠንካራ ሻይ ስንጠጣ የሚሰማን ዓይነት) አይተኑም፤ ይጠነክራሉ። ብርጭቆ ውስጥ ለስለስ ብሎ የሚጣፍጥ ወይን ድስት ውስጥ ሲጎድል ሽሮፕ ይሆናል።

ስለዚህ ለወጥና ለጉላሽ የሚሆነው ስኳር የሌለው፣ ጠርሙሱ ላይ «ድራይ» የሚል ነው። እኛ አገር ከሚገኙት ለቀይ ሥጋ እኔ የምወስደው ጉደርን ነው። ለዓሣና ለዶሮ ክሪስታል ይሆናል። አክሱማይት ጣፋጭ ነው፤ ወጥ ውስጥ አታስገቡት። ሙዝ ወይም ማንጎ በቅቤ ጠብሳችሁ ሁለት ማንኪያ ብታፈሱበት ግን ያምራል። ዝዋይ ከሚመረተው ደግሞ ሪፍት ቫሊ ድራይ ስለሆነ ይሠራል፤ ግን ጥሩውን ከምግቡ ጋር ጠጡት እንጂ ድስት ውስጥ አትጨርሱት። አካሺያ ላይ «ሚዲየም ስዊት» የሚለውን ካያችሁ ለወጥ ተዉት።

ለማንኛውም አንድ ፈተና አለ፤ ከማንም ምክር ይበልጣል። አራት የሾርባ ማንኪያ ወይን ትንሽ መጥበሻ ላይ አፍሉና አንድ ማንኪያ ሲቀር አቀዝቅዛችሁ ቅመሱ። ወጣችሁ መጨረሻ ላይ የሚይዘው ጣዕም ይሄ ነው። ከመረረ፣ ካጣበቀ ወይም ማር ማር ካለ ጠርሙሱን ለውጡ። ውድ መሆን የለበትም። የተበላሸ ግን መሆን የለበትም፤ ተከፍቶ ፍሪጅ የገባ ጠርሙስ ለአንድ ሳምንት ያህል ለማብሰያ ያገለግላል። አቼቶ አቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ግን ድፉት።

ጠጅስ? ሰው ዶሮ ወጥ ላይ ጠጅ ጠብ ያደርጋል፤ አዋዜም በጠጅ ይበጠበጣል። ጥሩ ነው። ግን ጠጅ ውስጥ ጌሾ አለ። ጌሾ ይመራል። ትንሽ ካስገባችሁ አይታወቅም፤ ሁለት ብርጭቆ አስገብታችሁ ካጎደላችሁት ምሬቱ አናት ላይ ይወጣል። አንድ ጊዜ ሞክሬ ወጡን በሙሉ ለእኔው ብቻ ተውኩት። ከአንድ ሲኒ አትለፉ። የአልኮሉም መጠን ከቤት ቤት ስለሚለያይ ስሌት የላችሁም። አዋዜ ደግሞ እሳት ስለማያይ የገባበት ጠጅ ወይም አረቄ አልኮል አብዛኛው እዚያው ነው። ለእንግዳ ስታቀርቡ ይሄን አትርሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ድስት፦ ወይን ኮምጣጣ ነው። የአልሙኒየም ድስት ውስጥ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ብረቱን ይበላዋል። ወጡ ግራጫ ይመስላል፣ ብረት ብረት ይላል። የሸክላ ድስት፣ ስቴንለስ ወይም ቅቡ ያልተላጠ የኢናሜል ድስት ተጠቀሙ። ከታች የምነግራችሁ ከርከዴና ሎሚም ያው ናቸው።

ለቤተሰብ፦ የበሬ ሥጋ በቀይ ወይን

ይሄን የምሠራው እሑድ ነው፤ ለስድስት ሰው። የሚያስፈልገው፦ ከቅልጥም አካባቢ ጅማት ያለው 1 ኪሎ ሥጋ፣ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ፣ 250 ሚሊ ሊትር ጉደር፣ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ፣ አንድ ዘንግ የጥብስ ቅጠል፣ ዘይት፣ ጨው። በርበሬ ከፈለጋችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ። ከዚያ ካለፈ ወይኑ አይሰማም፤ ያኔ ጠርሙሱን በከንቱ ከፈታችሁ።

ለስላሳ ሥጋ አትግዙ። ሽንጥ ለዚህ ሥራ ይደርቃል። ጅማታሙ ነው ቀስ ብሎ ቀልጦ መረቁን የሚያወፍረው፤ ረጅም ሰዓት የሚፈልግ መሆኑም ለአልኮሉ መውጫ ጊዜ ይሰጣል።

ሥጋውን በጨርቅ አድርቁና በሞቀ ዘይት ቡናማ እስኪሆን ጥበሱ፤ በሁለት ዙር አድርጉት፣ ድስቱ ከታጨቀ ውሃ ያወጣል። ሥጋውን አውጡ። ሽንኩርቱን እዚያው ድስት ውስጥ 20 ደቂቃ አቁላሉ። ነጭ ሽንኩርቱንና ሳልሳውን ጨምሩና ሁለት ደቂቃ አማስሉ።

አሁን ወይኑን አፍስሱ። እሳቱን ጨምሩ፣ ክዳኑን ተዉት። ድስቱ ሥር የያዘውን ቡናማ ቅሪት በእንጨት ማማሰያ ፈቅፍቁ፤ ጣዕሙ እዚያ ነው ያለው። ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ውስጥ ፈሳሹ በግማሽ ይጎድላል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ወይኑን ከውሃው ጋር አብሮ ያፈስና ይከድናል። ያኔ አልኮሉ በብዙ ውሃ ስለቀጠነ መውጣቱ ይዘገያል። ወጡም ጥሬ ወይን ወይን ይላል። ያ ጥሬ ጣዕም ከመጣባችሁ መፍትሔው ስኳር አይደለም። ክዳኑን አንስታችሁ አንድ አምስተኛው እስኪጎድል አፍሉት።

ሥጋውን መልሱ፣ የፈላ ውሃ ጨምሩ፣ የጥብስ ቅጠሉን ጣሉበት። ክዳኑን ገርበብ አድርጉ፤ የማንኪያ እጀታ ከሥሩ ብታስገቡ ይበቃል። ለስላሳ እሳት ላይ ሁለት ሰዓት ንትክትክ ይበል። ጅማ ላይ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሥጋው ባሕር ጠረፍ ካለ ሰው ድስት ይልቅ ይቆያል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ አትደንግጡ። መጨረሻ 20 ደቂቃ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አንሱ። ጨው የምትጨምሩት አሁን ነው። ቀድማችሁ ካስገባችሁ መረቁ ሲጎድል ይጨውባችኋል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 250 ሚሊ ሊትር በ12 በመቶ 30 ሚሊ ሊትር አልኮል ነው። ሁለት ሰዓት ከበሰለ 10 በመቶ፣ ማለትም 3 ሚሊ ሊትር ይቀራል። ለስድስት ሰው ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሊትር። የአንድ ቢራ አንድ ሠላሳ ሦስተኛ። ያንኑ ወይን ልታወርዱ ስትሉ «ሽታ እንዲሰጥ» ብላችሁ ብትጨምሩት ኖሮ ግን 85 በመቶው፣ 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀር ነበር። ለአንድ ሰው ከ4 ሚሊ ሊትር በላይ፣ የአንድ ቢራ ሩብ ማለት ነው። ወይኑ አንድ ነው፣ ድስቱም አንድ ነው። የጨመራችሁበት ሰዓት ብቻ ነው የተለየው።

ያለ ወይን፦ ቀዩን መተካት

ወይን ወጥ ውስጥ የሚሠራው ሦስት ነገር ነው። ያኮመጥጣል፣ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ምላስን ያዝ ያደርጋል። ተተኪው ሦስቱንም ካልሰጠ ወጡ ጠፍጣፋ ይሆናል። ብዙ ሰው አቼቶ ብቻ ጨምሮ «አልሆነም» የሚለው ለዚህ ነው፤ አቼቶ አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠው።

ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ከርከዴ ነው። ቀይ ነው፣ ኮምጣጣ ነው፣ የፍራፍሬ ሽታ አለው። ለ250 ሚሊ ሊትር ወይን ምትክ፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ከርከዴ በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፉ። መጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ላይ አንድ የሻይ ቅጠል ከረጢት ጨምሩ። ልቅም ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አጥልሉና አንድ የሻይ ማንኪያ ማር አሟሙበት። ማር ደግሞ ጅማ ላይ ተፈልጎ አይታጣም። ሻዩን ከሦስት ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ የምትፈልጉት መያዙን እንጂ ምሬቱን አይደለም።

ከላይ ባለው ወጥ ላይ ወይኑ በሚገባበት ቦታ አስገቡት። አንድ ልዩነት አለ። ይሄኛው አልኮል ስለሌለው በግማሽ ማጉደል አያስፈልግም፤ ሁለት ደቂቃ ካፈላችሁት ይበቃል። በግማሽ ካጎደላችሁት ፊት የሚያጨማድድ ይሆናል። ሲበስል ቅመሱ። ከኮመጠጠ ግማሽ ማንኪያ ማር፤ ከጣፈጠ ጥቂት ጠብታ ሎሚ።

ከርከዴ ከሌለ የሥጋ መረቅ 220 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶና አንድ የሻይ ማንኪያ ማር አቀላቅሉ፤ ሳልሳውን በግማሽ ማንኪያ ጨምሩ። ሮማን በሚገኝበት ጊዜ ጭማቂው ከዚህም ይሻላል። የታሸገ የወይን ጭማቂ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ግማሽ ጭማቂ ግማሽ ውሃ አድርጋችሁ አንድ ማንኪያ ሎሚ ጨምሩበት። ማልት ሞክሬያለሁ። ሲጎድል ከረሜላ ነው የሚሆነው፤ ይቅርባችሁ።

ብርዝም ይሆናል፤ ግን የዛሬ ብርዝ መሆን አለበት። ማርና ውሃው ቀን ከቆየ መፍላት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ አልኮል አልባ ነው ማለት አትችሉም። አረፋ ካነሳ ወይም አፍንጫ ከወጋ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብርዝ ብቻውን ስለማያኮመጥጥም ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ይፈልጋል። «አልኮል አልባ» የሚል ወይን ወይም ቢራም ካገኛችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ እስከ 0.5 በመቶ ያለባቸው አሉ።

ያለ ወይን፦ ዓሣ ጉላሽ

ይሄኛው ቀላል ነው። ነጭ ወይን ለዓሣ የሚሰጠው በዋናነት ኮምጣጣነት ነው፤ ያንን ሎሚ ይሠራዋል። የቀረው ጥልቀት ነው፤ እሱን ከራሱ ከዓሣው እናወጣለን።

ቆሮሶ ስትገዙ ፊሌቶ አስወጡና ጭንቅላቱንና አጥንቱን አትተዉለት። ይዛችሁት ሂዱ፣ ገንዘብ ከፍላችሁበታል። ስንጥቡን፣ ዓሣው የሚተነፍስበትን ማለት ነው፣ አውጥታችሁ ጣሉ፤ መረቁን የሚያመርረው እሱ ነው። የቀረውን እጠቡና በግማሽ ሊትር ውሃ፣ ከአንድ ሽንኩርት ግማሽ ጋር 20 ደቂቃ አፍሉ። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ሙጫ ሙጫ ይላል። አጥልሉ።

ለ150 ሚሊ ሊትር ወይን ምትክ 130 ሚሊ ሊትር ከዚህ መረቅ፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ይበቃል። ሎሚውን ግን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ከመረቁ ጋር ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ላይ ይግባ። ግማሹ ዓሣው ከበሰለ በኋላ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ። የሎሚ ሽታ እሳት ላይ አይበረክትም፤ ሁሉንም መጀመሪያ ካፈሰሳችሁት ኮምጣጣው ብቻ ይቀራል።

ሽንኩርትና ቲማቲም ተቁላልቶ መረቁ ገብቶ አምስት ደቂቃ ከፈላ በኋላ የተቆረጠውን ዓሣ አስገቡ። ስድስት ሰባት ደቂቃ። አታማስሉት፣ ድስቱን ወዝወዝ አድርጉ። ቃሪያውን መጨረሻ ላይ።

ሐጂን ከሁለት ወር በኋላ ጠራኋቸው። ከመቀመጣቸው በፊት «ዛሬ የተነነ ነገር የለም፤ የገባ ነገርም የለም» አልኳቸው። ሳቁ። ሁለት ጊዜ ተጨመረላቸው። ሲጨርሱ ግን «ሎሚው ትንሽ በዝቷል ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንድ ተኩል ያልኳችሁ ከዚያ በኋላ ቀንሼው ነው። ያኔ ሁለት ነበር።